ሱቅዎን ለአንድ ቀን

የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ማኅተም ነበረው። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ከሥር ፊርማና ክብ ሰማያዊ ማኅተም፣ መሃል ላይ «ጉዳዩ፦ የትብብር ጥያቄን ይመለከታል» የሚል መስመር። ሽሮ ሜዳ ውስጥ የሀገር ልብስ የሚሸጡት ባለሱቅ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ለሁለት አጠፉትና ከገንዘብ መሳቢያው ሥር አስገቡት። «እሺ፣ ልጄን ላማክርና ነገ ብቅ በሉ» አሉን። በማግስቱ ስንሄድ ልጃቸው አልመጣም ነበር። በሦስተኛው ቀን እሳቸውም አልነበሩም። በአራተኛው ቀን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «እሺ ብለውናል እኮ» ሲለኝ፣ ያ «እሺ» ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ «አይሆንም» እንደነበር ገባኝ። እትዬ ጨዋ ሰው ናቸው፤ በደጃቸው የቆመን ሰው ፊት ለፊት አይመልሱም።

በአጫጭር ፊልሞች ላይ የፕሮዳክሽን ማናጀር ሆኜ ስሠራ ሥራዬ በአብዛኛው ይህ ነው፤ የሰው ቤት፣ የሰው ሱቅ፣ የሰው ግቢ ለቀረጻ መለመን። የዚያን ጊዜው ፊልም ውስጥ አንዲት እናት ወደ ውጭ ለምትሄድ ልጇ ቀሚስ የምትመርጥበት ትዕይንት አለ። በፊልሙ ላይ የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ነው። ዳይሬክተሩ ሱቁን በዓይኑ አይቶታል፤ አራት በስድስት ሜትር ገደማ የሆነች፣ ግድግዳዋ ከወለል እስከ ኮርኒስ በነጭ የተሸፈነ፣ ጥግ ላይ ቁመት ሙሉ መስታወት የቆመባት ሱቅ። ሌላ ቦታ አልፈልግም አለ። ስለዚህ ደብዳቤውን እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ከመጻፌ በፊት ግን የመጀመሪያው ምን እንዳጠፋ ማወቅ ፈለግሁ።

የነገረኝ ልጃቸው ነው። በአምስተኛው ቀን ሱቁ በር ላይ አገኘሁትና ሻይ ጋበዝኩት። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ አንድ መስመር አሳየኝ። «የሚቋረጠውን የዕለት ገቢ ለማካካስ ይረዳን ዘንድ አማካይ የቀን ገቢዎን በጽሑፍ እንዲገልጹልን» ይላል። እኔ እንደ ቸርነት የጻፍኩት ነበር። «ማኅተም ያለው ወረቀት መጥቶ የቀን ገቢሽን በጽሑፍ ንገሪን ሲላት እናቴ ምን ታስብ?» አለኝ። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲሆን በብዙ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት የደረሰ ቅሬታ እንደነበረ የማያስታውስ ነጋዴ የለም። እትዬ ፊልም ሠሪ ነን ማለታችንን ቢያምኑ እንኳ፣ ያ ቁጥር ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ አያውቁም። ስህተቱ የእኔ ነበር። ለሱቁ ቀን አንድ ቁርጥ ዋጋ ልሰጥ ሲገባኝ፣ እኔን የማይመለከተኝን ነገር ጠየቅሁ። በሁለተኛው ደብዳቤ ያ መስመር ወጥቶ በቦታው «ለአንድ ቀን የቦታ ኪራይ 9,000 ብር» የሚል ገባ። ክፍያው በግልጽ የሚፈጸም፣ ደረሰኝ የሚቆረጥበት ነው፤ ገቢያቸው ግን የእሳቸው ጉዳይ ነው።

«የትብብር ጥያቄ» የሚለው አርዕስትም እንደዚሁ ነው። ይህ አነጋገር ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ነው። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቢተባበር ግዴታውን የተወጣ ይመስላል፤ ባይተባበር ደግሞ እንዳጠፋ ይቆጠርበታል። እኛ ግን ግዴታ የሌለባቸውን ሰው ነበር የምንለምነው። ሱቁ የእሳቸው ነው፤ አይሆንም ማለት ይችላሉ። ደብዳቤውም ይህን ማሳየት አለበት። ስለዚህ አርዕስቱን «ሱቅዎ ውስጥ ለአንድ ቀን ፊልም ለመቅረጽ ፈቃድ ስለመጠየቅ» አልነው። ማኅተሙ አልቀረም፤ ማን እንደሆንን፣ ነገር ቢበላሽ ማንን እንደሚይዙ ማወቅ አለባቸው። ግን ከማኅተሙ በላይ የእኔን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ስልክ ጻፍኩ። ነጋዴ ድርጅትን ከማመኑ በፊት ሰውን ያምናል።

ልጁ ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ይህኛው ወረቀቱ ላይ በነበረው ሳይሆን ባልነበረው ነገር ነው። እናቱ ለፋሲካ ያዘጋጇቸው አዳዲስ ጥበቦች ነበሯቸው። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ሠፍረው የሠሩት ገበያ ነው፤ አንድ ሱቅ የቀለም አሰካኩን ለውጦ አዲስ ጥለት ሲያወጣ ጎረቤቱ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሊሰቅል ይችላል። «ካሜራ ይዘው ገብተው ጥለቱን ቢወስዱትስ?» ብለው ሌሊቱን ሲያስቡ አድረዋል። እኛ ስለ መብራት፣ ስለ ተዋናይ፣ ስለ ድምፅ ስናስብ እሳቸው ያሰቡት ይህን ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ደብዳቤ ምንም ያህል ትሁት ቢሆን አይሠራም።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለእኔ አንዲትን ቀን በባለቤቷ ዓይን እያዩ መተረክ ነው። ማን ይገባል፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይነካል፣ ምን ይሰካል፣ ማን ያያል፣ መቼ ይወጣል፣ ስንት ይከፍላል። ባለሱቅ እነዚህን ሁሉ ጥያቄዎች አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ ዝም ይልና ነገ ተመለሱ ይላል። ስለዚህ ደብዳቤው ሳይጠየቅ መመለስ አለበት።

ከመጻፌ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። በሜትር ለካሁ፤ ሶኬቶቹን ቆጠርኩ፤ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ካውያ የሚሰካበት ነው። ይህች ካውያ በኋላ ጠቀመችኝ። ፊልም ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራው መብራቱን ነው፤ ቆጣሪ ያቃጥላል፣ ልብስ ያሳርራል ይባላል። በድሮው ትልቅ መብራት ጊዜ ስጋቱ ልክ ነበር፤ አንዱ ብቻ 2,000 ዋት ይስብ ነበር፤ ሙቀቱም አጠገቡ የተሰቀለ ነጠላ የሚጎዳ ነው። እኛ ይዘን የምንሄደው ሁለት ኤልኢዲ መብራቶችን ነው፤ እያንዳንዳቸው 300 ዋት፣ ሁለቱ ተደምረው 600። በ220 ቮልት መስመር ላይ ይህ ከሦስት አምፔር በታች ነው። ይህን ለእትዬ በአምፔር መንገር ትርጉም የለውም። የካውያቸው ጀርባ ላይ ግን 1,200 ዋት ተጽፏል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ሁለቱ መብራቶች አንድ ላይ የሚስቡት ኃይል የካውያዎን ግማሽ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ሲያነቡ ሳቅ እንዳሉ ልጃቸው ነግሮኛል።

ቀኑን መምረጥም ከዚያ ከተቀመጥኩበት ሰዓት የመጣ ነው። ለሀገር ልብስ ሱቅ ቀን ሁሉ እኩል አይደለም። ከአዲስ ዓመት፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ያሉት ሳምንታት የዓመቱ ገበያ ናቸው፤ ጥር የሠርግ ወር ነው። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ግን ሠርግ የለም፤ የፋሲካ ሸማችም ገና አልወጣም። በ2016 ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ ፋሲካው ሚያዝያ 27። ስለዚህ ማክሰኞ መጋቢት 17ን ጠየቅን፤ ተለዋጭ ቀን ደግሞ ሐሙስ መጋቢት 19። ተለዋጩን የጨመርነው ስለ ዝናብ ነው። የሱቁ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ የበልግ ዝናብ ከወረደበት ተዋናይዋ የምትለው አንድ ቃል አይሰማም። «ዝናብ ከዘነበ በሌላ ቀን እንመጣለን» ብሎ ክፍት መተው ግን ባለሱቁን ለሳምንታት ማንጠልጠል ነው፤ ስለዚህ ቀኑ ይጠራል፤ ከዚያ ካለፈ ፈቃዱ ያበቃል።

ሰዓቱን ስጽፍ ደግሞ በጣም ተጠነቀቅሁ። የፊልም ሰዎች የሥራ ፕሮግራማቸውን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ያወጣሉ። አንድ ጊዜ በሌላ ሥራ ላይ «7:00» ብለን ጽፈን ባለቤቱ በሰባት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ማለት ነው፣ በሩን ሊከፍቱ ሲመጡ እኛ ከነጋ ጀምሮ ደጅ ላይ ቆመን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብዬ በፊደልም በቁጥርም እጽፋለሁ፤ ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነዕለቱ።

አንድ ቀን ማለት ስንት ሰዓት ነው? ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ባለሱቅ ቀረጻ ሲባል ግማሽ ሰዓት ይመስለዋል፤ በቴሌቪዥን ያየው ሦስት ደቂቃ ነውና። ዳይሬክተር ደግሞ አንድ ቀን ሲባል እስኪጨርስ ድረስ ነው። የእኛ ትዕይንት በ14 ቅንብር የሚቀረጽ ነበር፤ ካሜራው ቦታ በቀየረ ቁጥር መብራቱም አብሮ ይቀየራልና ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ይያዝለታል። ይህ ብቻ ሰባት ሰዓት ነው። ዕቃ አውርዶ ማዘጋጀት ሁለት ሰዓት፣ መልሶ መጫንና ሱቁን እንደነበረ መመለስ ሁለት ሰዓት፣ ምሳ አንድ ሰዓት፤ በድምሩ 12። ደብዳቤው ላይ ቀኑን የመጀመሪያው ሳጥን ከሚገባበት ሰዓት እስከ መጨረሻው መጥረጊያ ድረስ ቆጥሬ ጻፍኩ። ካሜራ የሚሠራበትን ሰዓት ብቻ ጽፎ ማዘጋጃውን መደበቅ ባለሱቁን ማታለል ነው፤ በዕለቱ ጠዋትም ይታወቃል።

እንግዲህ ሁለተኛው ደብዳቤ ይህ ነበር፤ ስሞቹን ብቻ አውጥቻለሁ።

«መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ...
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሱቅዎ ውስጥ ለአንድ ቀን ፊልም ለመቅረጽ ፈቃድ ስለመጠየቅ

እትዬ፣ በመጀመሪያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ከዚህ በፊት የሰጠንዎት ደብዳቤ ግልጽ ስላልነበረ ይቅርታ እየጠየቅን በዚህ ተክተነዋል።

አንዲት እናት ለልጇ ቀሚስ ስትመርጥ የሚያሳይ የአጭር ፊልም ክፍል በሱቅዎ ውስጥ ለመቅረጽ እንፈልጋለን። የምንጠይቀው ማክሰኞ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 (አንድ) ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 (አንድ) ሰዓት ነው። ዝናብ ከከለከለን ሐሙስ መጋቢት 19 በዚያው ሰዓት እንመጣለን። ከዚያ ውጭ ሌላ ቀን አንጠይቅም።

የምንመጣው ከሁለቱ ተዋናዮች ጋር 11 ሰዎች ነን። ሱቁ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከሰባት ሰው በላይ አይገባም። ምግብና ቡና ወደ ውስጥ አናስገባም፤ ምሳ የምንበላው ውጭ ነው። የምንሰካቸው ሁለት መብራቶች አንድ ላይ የሚስቡት ኃይል የካውያዎን ግማሽ ነው፤ ሙቀታቸው ልብስ አይጎዳም። ለመብራት ፍጆታ ካርድ እንሞላለን።

ልብሶችዎን የሚያነሳውና የሚሰቅለው የእርስዎ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ለእሷም የቀን አበል እንከፍላለን። ጠዋት መደርደሪያዎቹን ሁሉ ፎቶ አንስተን፣ ልብሱን አብረን ቆጥረን እንፈራረማለን፤ ማታም እንዲሁ። ተዋናይዋ የምትለብሰውን ቀሚስ በገበያ ዋጋው አስቀድመን እንገዛዎታለን።

ለፋሲካ ያዘጋጇቸውን ወይም እንዲታዩ የማይፈልጓቸውን ጥለቶች ከመጀመራችን በፊት ያንሱልን። ጥለት ለብቻው በቅርብ አንቀርጽም። በፈለጉ ሰዓት በሞኒተሩ ላይ የተቀረጸውን ማየት ይችላሉ።

ለቦታው ኪራይ 9,000 ብር እንከፍላለን፤ ግማሹን ሲፈርሙ፣ ግማሹን በዕለቱ ጠዋት ዕቃ ከማውረዳችን በፊት። በተጨማሪ 5,000 ብር መያዣ እናስቀምጣለን፤ ማታ ጉዳት ከሌለ ይመለስልናል፤ ጉዳት ካለ ከዚያው ይነሳል፤ ካልበቃ እንጨምራለን። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መቆየት ካስፈለገን በሰዓት 1,000 ብር ነው፤ ያውም እርስዎ ከፈቀዱ ብቻ።

የተቀረጸው ምስል ፊልሙ በሚታይበት ቦታ ሁሉ፣ ያለ ጊዜ ገደብ ይታያል። የሱቅዎ ስም እንዲታይ ወይም እንዲሸፈን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። እርስዎም ሆኑ ሠራተኛዎ ካልፈቀዳችሁ ፊታችሁ አይቀረጽም።

ካልተመቸዎት አይሆንም ቢሉን አንቀየምም። ከተስማሙ በሁለቱም ቅጂ ላይ ይፈርሙልን፤ አንዱ እርስዎ ዘንድ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር
...

ግልባጭ፦ ለሕንፃው አስተዳደር»

ሁለት ነገሮች ላይ ልመለስ። አንዱ «ያለ ጊዜ ገደብ» የሚለው ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን መስመር አታስገባ ይሉኛል፤ ያስፈራል ብለው። ፈቃዱ የአንድ ቀን ነው፤ ምስሉ ግን ከዚያ ቀን ጋር አያልቅም። ፊልሙ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊታይ ይችላል፤ ያኔ ሱቁ ላይኖር፣ ሠራተኛዋም ሌላ ሕይወት ልትይዝ ትችላለች። ሰው ይህን ሳያውቅ ከፈረመ የፈረመው ለሌላ ነገር ነው። ሕጉም የሰውን ምስል ከቦታው ለይቶ ያያል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ለየት ያሉ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ በሕዝብ ፊት የተፈጸሙ ነገሮችን የመሳሰሉ፤ ሱቅ ውስጥ ቀሚስ የምትለካ ሴት ግን እዚያ ውስጥ ትገባለች ብዬ አልደፍርም። ስለዚህ የባለሱቋ ፊርማ ሱቁን እንጂ ሠራተኛዋንም ሆነ የገባችውን ሸማች አይፈቅድልንም። ሠራተኛዋ ለራሷ ፈረመች። በሩ ላይ ደግሞ «ዛሬ ቀረጻ አለ፤ መግባት የሚፈልጉ ያስጠሩን፣ ካሜራውን እናጠፋለን» የሚል ወረቀት ለጠፍን።

ሁለተኛው ግልባጩ ነው። እትዬ የሱቁ ባለቤት ናቸው፤ የሕንፃው ግን ተከራይ ናቸው። መጀመሪያ ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሱቅ እንዲህ ነው፤ ውስጡን የሚፈቅደው ነጋዴው ነው፤ ኮሪደሩን፣ ደረጃውን፣ መግቢያውን የሚፈቅደው ሌላ ሰው ነው። ግልባጭ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ብዙ ጊዜ ለወግ ያህል ይጻፋል፤ እዚህ ግን ሥራ ነበረው። አስተዳደሩ ጋ ይዤው ሄጄ ተቀብለናል ብለው ፈረሙበት። ያም ሆኖ ማክሰኞ ጠዋት ጥበቃው በር ላይ አቆመን፤ የተነገረው ነገር የለም። የፈረሙበትን ቅጂ ባልይዝ ኖሮ አለቃው እስኪመጡ ሁለት ሰዓት በቆምን ነበር።

መንገዱን ደግሞ ደብዳቤው ጨርሶ አይነካውም፤ ሊነካውም አይችልም። ዳይሬክተሩ እናትና ልጅ ከሱቁ ሲወጡ ከውጭ ማየት ፈልጎ ነበር። መንገድ ላይ ለመቅረጽ ከከተማው የሚገኝ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ ወደ እንጦጦ የሚወስደው ያ መንገድ የአሜሪካ ኤምባሲ ያለበት ነው፤ ካሜራ ይዞ መቆም ወዲያው ጥያቄ ያስነሳል። እትዬ ቢፈርሙልን እንኳ የማይችሉትን ነው የሚፈርሙት፤ ፖሊስ ቢመጣ ደግሞ የሚጠየቁት እሳቸው ይሆናሉ። መውጫውን ከውስጥ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ቀረጽነው።

ደብዳቤውን በአካል ነው የሰጠሁት፤ ጠዋት ሱቅ ከመሟሟቁ በፊት፣ ልጃቸው ባለበት። መነጽራቸውን አላወጡም፤ «አንብብልኝ» አሉ። ለእሳቸው ጮክ ብሎ መነበቡ መልካም ሆነ፤ በወረቀት ያማሩ የመሰሉኝ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለጆሮ ሲደርሱ እንደሚደነቃቀፉ ተሰማኝና በቃል አቃናኋቸው። መሃል ላይ «ሰባት ሰው ይበዛል፤ አምስት ይሁን» አሉ። አምስት ሰው ውስጥ ሆኖ እንደማይቻል፣ የካሜራ፣ የመብራትና የድምፅ ሰው፣ ዳይሬክተሩና ሁለቱ ተዋናዮች ብቻ ስድስት እንደሆኑ፣ ሰባተኛዋ የራሳቸው ሠራተኛ እንደሆነች ቆጥሬ ነገርኳቸው። «እሷንም ቆጠራችኋት?» ብለው ዝም አሉ። ቀጥሎ የጠየቁት ስለ መያዣው ነው፤ ገንዘቡ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ። እሳቸው ዘንድ ነው ስላቸው እስክሪብቶ ጠየቁ።

የመጋቢት 17 ቀን ዝናብ አልነበረም። ጠዋት ቆጠራው ከታሰበው በላይ 40 ደቂቃ ፈጀ፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቀሚስ፣ ኩታ እየለየን። ዳይሬክተሩ ተበሳጨ፤ እኔ ግን አንድም ደቂቃ አላሳጠርኩም። ፎቶ ስናነሳ የመስታወቱ ታችኛ ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየን። እትዬም ከዚያ በፊት አላይዋትም ነበር። ያ ፎቶ ባይኖር ማታ ያቺ ስንጥቅ የእኛ ትሆን ነበር፤ እኛም አላደረግንም ብለን ልናስረዳ አንችልም።

መስታወቱ ቀኑን ሙሉ አስቸገረን፤ ካሜራው በዞረ ቁጥር ራሱን ያሳየናል። ሜካፕ ደግሞ ነጭ ልብስ ላይ እንዴት እንደሚይዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ተዋናይዋ ቀሚሱን በአንገቷ ስታስገባ የፊቷ ቀለም አንገትጌው ላይ ቡናማ መስመር ተወ። የተገዛ ቀሚስ ስለነበረ ማንም ምንም አልተናገረም። ኪራይ ወይም ውሰት ቢሆን ኖሮ ቀረጻው እዚያው ላይ ይቆም ነበር።

ጥፋት የሠራነው ኮርኒሱ ላይ ነው። የኤክስቴንሽኑን ገመድ በማጣበቂያ ይዘን ነበር፤ ሲላጥ የመዳፍ ስፋት ያህል ቀለም ይዞ ወረደ። ደብዳቤው ስለ ልብስ ብዙ ብሏል፤ ስለ ግድግዳና ኮርኒስ ግን ምንም አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ግድግዳ፣ ኮርኒስና ወለል ላይ ማጣበቂያ አንለጥፍም፣ ምስማር አንመታም» የሚል መስመር ጨምሬያለሁ። ለቀለሙ ከመያዣው 600 ብር ተነሳ። እትዬ መጠኑን አልተናገሩም፤ ልጃቸው ቀለም ቀቢ ደውሎ ጠየቀ፤ ያለውን ተቀበልን።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሁለት ቅንብር ቀርቶን ነበር። ዳይሬክተሩ አንድ ሰዓት ጨምርልኝ አለ። 1,000 ብሩን መክፈል እንችል ነበር፤ ግን «እርስዎ ከፈቀዱ» የሚል ጽፈናል፤ እትዬም ፊታቸው ደክሟል፤ በማግስቱ ጠዋት ሸማኔዎቻቸው ይመጣሉ። ሄጄ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው እሺ ይሉኝ ነበር፤ ያንን እሺ ደግሞ አውቀዋለሁ። ሁለቱን ቅንብር አንድ አድርገን በ15 ደቂቃ ጨረስን። ዳይሬክተሩ ለሁለት ቀን አላናገረኝም።

ማታ ቆጠራው ላይ አንድ ጋቢ ጎደለ። ሠራተኛዋ ሁለቴ ቆጠረች፤ አንድ ጎደለ። ቦርሳዎቻችንን ሁሉ ከፈትን። እትዬ ምንም አላሉም፤ ዝምታቸው ግን ከባድ ነበር። በመጨረሻ የድምፅ ባለሙያው ጭንቅላቱን ያዘ፤ የኮሪደሩ ማሚቶ ወደ ማይክሮፎኑ እንዳይገባ ከበሩ ጀርባ አንድ ወፍራም ጋቢ ሰቅሎ ነበር፤ ሠራተኛዋን ሳይጠይቅ። ልብስ የሚያነሳው የእሳቸው ሰው ብቻ ነው ብለን ፈርመናል። ጋቢው ምንም አልሆነም። እኔ ግን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ጠየቀ።

እትዬ ጋቢውን አጥፈው ቦታው መለሱት። ከዚያ የደብዳቤውን ሁለት ቅጂዎች ከመሳቢያው አወጡና መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ራሳቸው አነበቡት። «ፊልሙን እኛ የምናየው መቼ ነው? እዚህ ላይ የለም» አሉኝ። እውነትም የለም። በፊርማቸው ሥር፣ በሁለቱም ቅጂ ላይ፣ በእስክሪብቶ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ፊልሙ ሲጠናቀቅ አንድ ቅጂ ለወ/ሮ ... ይሰጣል፤ ሱቅ ድረስ ይመጣላቸዋል።» ከጎኑ ፈረምኩ፤ እሳቸውም ፈረሙ፤ የቀረውን 4,400 ብር መያዣ ቆጥረው ሰጡኝ።